የሰፈርን ጉድለት በቅዳሜ ባልዲ መፈለግ

ጥያቄ፦ «ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ ኮምቦልቻ ከቤተሰቦቼ ጋር የምኖር ሥራ ፈላጊ ነኝ። ሰው ሁሉ “ከሰፈርሽ የጎደለውን አይተሽ ሥራ ፍጠሪ” ይለኛል። ሰፈራችን የኪራይ ቤት የበዛበት ነው፤ ጎረቤቶቻችንም አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ግን ዙሪያዬን ሳይ ሱቁም፣ ካፌውም፣ ፀጉር ቤቱም ሞልቷል። ሌላው ሰው ያላየውን ጉድለት እንዴት አድርጌ ልይ? ይምከሩኝ።»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ መንገድ ዳር ቆመሽ የምትቆጥሪያቸው ሱቆች የሚነግሩሽ ሌሎች ቀድመው ያዩትንና የሞሉትን ፍላጎት ነው። ያልተሞላው ፍላጎት ግን የሚታየው ሰዎች የቸገራቸውን ነገር በራሳቸው መላ ለመወጣት ሲደክሙ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ሱቆቹን ተዪአቸውና ሰዎቹን ተመልከቺ። ከሰፈሩ ይዘው የሚወጡት ምንድን ነው? ይዘው የሚመለሱትስ? ለምን ጉዳይ ባጃጅ ይሳፈራሉ? በየትኛው ቀንና ሰዓት? አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ገንዘቡን፣ ጊዜውን ወይም የዘመድ ውለታውን በየሳምንቱ የሚከፍል ከሆነ፣ ያ ጉዳይ በሰፈሩ ውስጥ የሚሠራለት አላገኘም ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላይ እስከ መጨረሻው ልከተለው። አንቺ እንደምትገልጪው ባለ የኪራይ ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትቀመጪ፣ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ ባልዲ በጭኗ ይዛ ባጃጅ ውስጥ የምትቀመጥ ወጣት ማየትሽ አይቀርም። ባልዲው ውስጥ ያለው ሊጥ ነው፤ የምትሄደውም ምጣድ ወዳላት አክስቷ ወይም የአገሯ ልጅ ዘንድ ነው። ማታ እንጀራዋን በሰፌድ ተሸክማ ትመለሳለች። ለአክስቷ ባዶ እጅ ስለማይኬድም ስኳር ወይም ቡና ይዛ ሄዳለች፤ የባጃጁ የደርሶ መልስ ሒሳብም አለ። ይህቺ ልጅ እንጀራ አላጣችም፤ ሱቅ ሁሉ ይሸጣል። የቸገራት የራሷን እህል የምትጋግርበት ቦታ ነው።

ምክንያቱን ስትጠይቂ አከራይዋ ምጣድ እንደማያስጠቅሟት ትነግርሻለች። ይህ የአከራይ ክፋት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። የቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ወደ ውድ እርከን የሚወጣ ነው። ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ሁሉም ምጣድ ከጣዱ ሒሳቡ ይንራል፤ ማን ስንት እንደተጠቀመ ማወቅም አይቻልም፤ ጭቅጭቁም አያባራም። የጉድለትን መነሻ እንዲህ እስከ ሥሩ ማወቅ የሚጠቅመው፣ ችግሩ ነገ በራሱ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑን ስለሚነግርሽ ነው። ግቢው በጋራ ቆጣሪ እስካለ ድረስ ይህ ክልከላ ይኖራል።

እንግዲህ ሐሳቡ፣ ተከራዮች የራሳቸውን ሊጥ አምጥተው በእንጀራ ቁጥር የሚያስጋግሩበት ቤት ነው። ሆኖም አንዲት ባልዲ የያዘች ልጅ ማየት ገበያ አይባልም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሥራ ፈላጊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «እንዲህ ያለ ቤት ብከፍት ትመጫለሽ?» ብለሽ ከጠየቅሽ፣ በእኛ አገር ይሉኝታ ምክንያት ሁሉም «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በርቺ» ይልሻል። መልሱ ደግነት ነው፤ መረጃ ግን አይደለም። መጠየቅ ያለብሽ ስላለፈው ሳምንት ነው። «ባለፈው ሳምንት የበላችሁት እንጀራ ከየት መጣ? የት ተጋገረ? ለመጓጓዣና ለስጦታ ስንት አወጣሽ? የሱቁን ትተሽ ለምን ሄድሽ?» ብለሽ ሃያ ያህል ክፍሎችን ብትጠይቂና መልሱን በደብተር ብትጽፊ፣ ተከራዮቹ በሦስት ተከፍለው ታገኛቸዋለሽ።

አንዳንዶቹ ከሱቅ ገዝተው ረክተዋል፤ እነዚህን ተዪአቸው። ሌሎቹ ቢጋገርላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ግን እህል የላቸውም። ሦስተኛዎቹ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ ወይም ከወሎ ቦረና ቤተሰብ ጤፍ ወይም ማሽላ የሚልክላቸው ናቸው፤ እህሉ እጃቸው ላይ አለ፣ ምጣዱ ግን የለም። ደንበኞችሽ እነዚህ ናቸው። ስለዚህ «እንጀራ የሚበላ ሁሉ ደንበኛዬ ነው» የሚለውን ስሌት ከወዲሁ ሰርዢው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ዋጋውን ለስሌት ያህል የያዝኩት ስለሆነ በሰፈርሽ በምታገኚው ተኪው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነው የሚኖሩ ሠራተኞች በሳምንት 40 እንጀራ ይበላሉ እንበል። በአንድ ምጣድ፣ ማሰሻውና ምጣዱ እንደገና እስኪግል ያለው ጊዜ ተጨምሮ፣ በሰዓት 15 እንጀራ ማውጣት ይቻላል፤ አንዲት ልምድ ያላት ጋጋሪ ሁለት ምጣድ እያፈራረቀች 30 ታወጣለች። ለአንድ እንጀራ 6 ብር ቢከፈል 30 ክፍሎች በሳምንት 1,200 እንጀራ፣ ማለትም 7,200 ብር ያመጣሉ፤ ሥራውም 40 ሰዓት ይፈጃል። አንዱ እንጀራ ከሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ኤሌክትሪክ ስለሚፈጅ ሳምንቱ ወደ 280 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ከ7,200 ብሩ ላይ ይህንን፣ የቤት ኪራዩን፣ የጋጋሪዋን ደመወዝና ማሰሻውን ቀንሺ። የሚተርፈው ለአንቺ ደመወዝ የማይሆን ከሆነ ዋጋው ወይም አሠራሩ መለወጥ አለበት ማለት ነው።

በወረቀት ላይ የማይታየው ዋናው ችግር ግን ቀኑ ነው። ሁሉም መጋገር የሚፈልገው በዕረፍት ቀኑ ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሙሉ ብትጋግሩ የምታወጡት 240 እንጀራ ነው፤ ይህ የስድስት ክፍሎች ብቻ ነው። የቀሩት ሃያ አራቱ ተሰልፈው ይቆያሉ፤ ከዚያም ወደ አክስታቸው ይመለሳሉ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ምጣዱ ቀዝቅዞ ይውላል። ብዙ እንዲህ ያለ ሥራ የሚወድቀው ደንበኛ አጥቶ ሳይሆን ደንበኛው ሁሉ በአንድ ቀን መጥቶበት ነው። መፍትሔው ለየክፍሉ ቀን መመደብ ነው፤ ለዚህም የኮምቦልቻ አየር ያግዝሻል። ደሴ ላይ በብርዱ ቀናት የሚቆይ እንጀራ እዚህ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚሻግት በሳምንት አንድ ጊዜ 40 ከመጋገር ሁለት ጊዜ 20 መጋገር ለደንበኛዋም ይሻላታል። በፈረቃ የሚሠሩ ደግሞ ሊጣቸውን ወደ ሥራ ሲሄዱ አስቀምጠው እንጀራውን ሲመለሱ መውሰድ ይችላሉ። ከዚህ የተነሳ በጥያቄሽ ውስጥ «የትኛው ፈረቃ ነሽ? በየስንት ቀኑ ትጋግሪያለሽ?» የሚለው መግባት አለበት።

ቀን ስትመድቢ የሊጡን ጠባይ አትርሺ። ቡኮው ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ በሙቀት ከዚያም ይፈጥናል። አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ መጠበቅ አይወድም። መብራት ለግማሽ ቀን ቢጠፋ ይኮመጥጣል፤ የሚበላሸውም ያንቺ ሳይሆን የሰው እህል ነው። በሌላ ሥራ መብራት ሲጠፋ ገቢ ይቀራል፤ በዚህ ሥራ ግን ካሳ ይመጣል። ስለዚህ ከሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ በፊት በማገዶ የሚሠራ አንድ ምርጥ ምድጃ መኖር አለበት። ጢሱ የሚወጣበትን ቦታና የጎረቤትን ፈቃድም አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ከዚህ በፊት በሰፈሩ ይህንኑ የሞከረ ሰው መኖሩንም አጣሪ። ካለ፣ ሄደሽ በትሕትና ለምን እንደተወው ጠይቂው። «መብራቱ አስቸገረኝ» ካለሽ መልሱ በእጅሽ አለ። «ሊጤ አነሰ፣ እንጀራዬ ከሰው ጋር ተቀየረ እያሉ ተጣሉኝ» ካለሽ ደግሞ በየባልዲው ላይ ስምና የእንጀራ ቁጥር ጽፎ ማስፈረም ያስፈልጋል። «ለአንድ ወር መጡ፣ ከዚያ ቀሩ» ካለሽ ግን የቀሩትን ፈልገሽ ሳታነጋግሪ አንድ ብር አታውጪ።

ሙከራውን ቤት ሳትከራዪ ጀምሪ። ወላጆችሽ ከፈቀዱ በእናትሽ ምጣድ አምስት ክፍሎችን ለአንድ ወር አስተናግጂ፤ ቆጣሪውን ከመጋገርሽ በፊትና በኋላ አንብበሽ ጻፊ፤ የተጠቀምሽበትንም ለቤተሰብሽ ክፈዪ። ሒሳቡን ሊጡን ሲያመጡ ተቀበዪ እንጂ በነፃ አትሞክሪ፤ በነፃ የሚመጣ ሰው ስለ ፍላጎቱ ምንም አይነግርሽም። ሙከራው ሙሉ ወር እንዲሆን ያልኩሽ ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ያለውን ሳምንት እንዲያካትት ነው። ያን ሳምንት «ደመወዝ ሲደርስ እከፍላለሁ» የሚሉት ከበዙ ዋጋሽ ለእነሱ ከብዷል ማለት ነው። በተቃራኒው ሳትጠሪያቸው በተመደበላቸው ቀን ከመጡ፣ ከእነሱም አንዷ የጎረቤት ባልዲ ጨምራ ካመጣች፣ ቤት መፈለግ ትችያለሽ። በዚያን ጊዜ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ታወጫለሽ፤ የከተማውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ስለ መሥሪያ ቦታ ትጠይቂያለሽ። የምትከራዪው ቤት መስመር ሁለት ምጣድ መሸከም መቻሉን ግን ውል ከመፈረምሽ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስፈትሺ።

የቀረኝ አንድ ነገር ደንበኞችሽ የት እንደሚሠሩ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በርካታ ወጣት ተከራዮችን ወደ ከተማዋ ስቧል፤ ይሁን እንጂ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ የሠራተኛው ቁጥር ከትእዛዙ ጋር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ወደ አሜሪካ የሚልኩት ዕቃ ቀረጥ ተጨመረበት። ስለዚህ በደብተርሽ ላይ ከየስሙ አጠገብ የሥራ ቦታውን ጻፊ። ከደንበኞችሽ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሆኑ፣ ሁለተኛውን ምጣድ ከመግዛትሽና የዓመት ኪራይ ከመዋዋልሽ በፊት በሰፈሩ ያሉትን መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና ከግቢ ውጭ የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያው ጥያቄ አነጋግሪያቸው።