ተማሪው ወደ ኋላ የተመለሰው የት ደርሶ ነው? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ሳሙኤል ጋር

ህሊና፦ ጋሽ ሳሙኤል፣ የሒሳብ ቪዲዮዬ 12 ደቂቃ ነው። ቪዲዮውን ወደ ኋላ የመለሱ ተማሪዎችን የሚቆጥረው ግራፍ 6:50 ላይ ጉብ ብሏል። ያንን ቦታ እንደገና ልቅረጸው?

ሳሙኤል፦ ቆይ፣ አትቸኩይ። ያንቺ ግራፍ የሚቆጥረው ተማሪው ተመልሶ ያረፈበትን ቦታ ነው። ግራ የገባው ግን እዚያ አይደለም፤ ልመለስ ብሎ የተነሳበት ቦታ ነው። ሲመለስ መስመሩን በግምት ስለሚጎትተው ብዙ ጊዜ ከሚፈልገው ቦታ አልፎ ይሄዳል።

የላክሽልኝን ሎግ፣ የተማሪዎቹን ጠቅታ የሚመዘግበውን ፋይል፣ አየሁት። 7:40 ድረስ 80 ተማሪ አይቷል። ከእነሱ ውስጥ 31ዱ ከ7:40 እስከ 7:50 ባለው ጊዜ ተነስተው ወደ ኋላ ሄደዋል። ማረፊያቸው ግን ከ6:30 እስከ 7:10 ተበትኗል፤ 6:50 መሃሉ ላይ ስለሆነ ነው ጉብ ያለው። 6:50 ላይ ምን እያልሽ ነው? ቀላል ማባዛት። 7:35 ላይስ? x² + 6x ድንገት (x + 3)² − 9 ይሆናል። ዘጠኙ ከየት እንደመጣ በአፍሽ ብቻ ነው የነገርሻቸው፣ ያውም ፈጠን ብለሽ። ሰሌዳው ላይ የለም። ሙሉውን አትቅረጪ። x² + 6x + 9 − 9 የሚል አንድ መስመር ጨምሪና ትንሽ ቆይበት።

ሌላው፣ ሰው ቁጠሩ፤ ጠቅታ አትቁጠሩ። አንድ ተማሪ ሃያ ጊዜ ቢመለስ አንድ ሰው ነው። የምታካፍሉትም ለተመዘገበው ሳይሆን እዚያ ሰከንድ ላይ ለደረሰው ተማሪ ነው።

ብሩክ፦ እኛ ኢዲኤክስ የሚባለውን የኦንላይን ትምህርት መድረክ ነው የምንጠቀመው። መነሻውን ከየት አገኛለሁ?

ሳሙኤል፦ ሎጉ ውስጥ `seek_video` የሚለውን ፈልግ። `old_time` መነሻው ነው፣ `new_time` ማረፊያው። ሁለተኛው ካነሰ ተመልሷል ማለት ነው። ቪዲዮው ሲያልቅም `pause_video` ይመዘገባል፤ የመጨረሻዋን ሰከንድ ከቆጠራው አውጣት።

ዳዊት፦ የእኔ ፊዚክስ ላይ 4:10 ሲደርስ ግማሹ ክፍል ፖዝ ያደርጋል። ከባድ ነው ማለት ነው?

ሳሙኤል፦ ስክሪኑ ላይ ምን አለ?

ዳዊት፦ ሠንጠረዥ። አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋል።

ሳሙኤል፦ እየገለበጡ ነዋ! ፖዝ አድርጎ ከቆመበት የሚቀጥል ተማሪ ብዙውን ጊዜ እየጻፈ ነው። ፖዝ አድርጎ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ነው ማየት ያለብህ። ሠንጠረዡን በፋይል ስጣቸውና ፖዙ ይቀንስ እንደሆነ እይ።

ትዕግስት፦ እኔ ፖዙ ከ30 ሰከንድ ከበለጠ ከባድ ቦታ ነው ብዬ ነው የምወስደው።

ብሩክ፦ ስልክ ቢደወልለትስ?

ትዕግስት፦ ሃያ ተማሪ አንድ ሰከንድ ላይ ስልክ አይደወልለትም።

ሳሙኤል፦ ትዕግስት መጠጋጋቱን ማየቷ ልክ ነው። 30 ሰከንዱን ግን አልቀበልም። «አቁማችሁ ሞክሩት» ብለሽ የሰጠሽው ጥያቄ ላይም ረጅም ፖዝ ይመጣል። መጀመሪያ ቪዲዮውን እዩት።

አቶ ታደሰ፦ የኔ ቪዲዮ ደግሞ ራሱ ነው የሚቆመው። መፍትሔው ምንድን ነው?

ሳሙኤል፦ አቶ ታደሰ፣ የእርስዎ የኔትወርክ ጉዳይ ይመስለኛል። ግን ጥሩ አነሱ። ድምፁ የተቆራረጠበት ተማሪም ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ግን እያንዳንዱ ሰው ጋ በተለያየ ሰከንድ ላይ ይመጣል፤ ከባድ ቦታ ግን ሁሉንም አንድ አካባቢ ነው የሚይዘው።

ሰላም፦ ጉብታ ካለ ያ ክፍል ከብዷል ማለት ነው አይደል?

ሳሙኤል፦ ሰላም፣ ከላይ ያለውን አንብቢው። ማረፊያና መነሻ ለይተሽ፣ ሰው ቆጥረሽ፣ ቪዲዮውን አይተሽ ነው። ለፈተና ሳምንት የተመለሱትንም ለብቻ አድርጊ፤ እነሱ ቀመር ነው የሚፈልጉት።

ናሆም፦ ተማሪ እያንዳንዷን ጠቅታ እንደምናይ ያውቃል? ይሄ ስለላ አይደለም?

ትዕግስት፦ ስም አይታይም እኮ።

ናሆም፦ ጋሽ ሳሙኤል «አንድ ሰው» ብሎ ለመቁጠር መለያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይታያል።

ሳሙኤል፦ ናሆም እውነቱን ነው። እኔ መለያውን በቁጥር ቀይሬ ነው የምሠራው፣ ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ። ይበቃል አይበቃም የሚለውን ተወያዩበት።

ዳዊት፦ ጥሩ ቪዲዮ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሳሙኤል፦ ለዛሬ አይሆንም። ስለ አንድ ደቂቃህ ጠይቀኝ።

ህሊና፦ 9ኛው ደቂቃ ላይ ግራፌ ዝርግ ነው። እዚያ ገብቷቸዋል ልበል?

ሳሙኤል፦ አትበዪ። 7:40 ላይ 80 የነበሩት 8:30 ላይ 62 ናቸው። ከወጡት 18 ውስጥ 14ቱ አንዴም አልተመለሱም፤ ዘግተው ነው የሄዱት። ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ጉብታ አይሠራም። ገብቶኛል ብሎ የተሳሳተውም አይሠራም። 9ኛው ደቂቃ መጨረሻ ላይ x² + 10x ስጪና እንዲጽፉት አድርጊ። (x + 5)² ብሎ 25ቱን የሚረሳውን ግራፉ አያሳይሽም፣ ጥያቄው ነው የሚያሳይሽ።

ህሊና፦ መስመሩን ጨምሬ ለቀጣዩ ክፍል እለቀዋለሁ።

ሳሙኤል፦ የድሮውን ሎግ እንዳታጠፊው። ግን ከ31 ወደ 15 ቢወርድም ወዲያው በመስመሩ ነው አትበዪ፤ ክፍሉም ተቀይሯል። ያልነካሽውን አንድ ሌላ ቦታ አብረሽ አወዳድሪ። እዚያም እኩል ከወረደ መስመሩ አይደለም።