«በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ለወጣት የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች፣ ለፎርማኖችና ለሱፐርቫይዘሮች፦

ብዙ ዓመት በብረታ ብረት ወርክሾፖች ስሠራ የአደጋ ሪፖርት እጽፍ ነበር፤ ሌሎች የጻፉትንም አነብ ነበር። አብዛኞቹ ባንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ፦ «ሠራተኛው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ጉዳት ደርሶበታል።» ከዚያ ፊርማና ማህተም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስለሚተካት ነገር ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ አደጋ እንውሰድ። አንድ ልጅ ላሜራ በሞርሳ አስሮ በግራይንደር እየቆረጠ ነው። ዲስኩ ይፈነዳል። ስባሪው ግራ ክንዱን ይቆርጠዋል። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። እናንተ ስትደርሱ ጓደኞቹ መጥረጊያ ይዘዋል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደም መሬት ላይ እንዲታይ አይፈልጉም። አስቁሟቸው። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል፣ ማንም እንዳይነካው ወረቀት ይለጠፍበት። የዲስኩ ስባሪዎች ባሉበት ፎቶ ይነሱ፣ ከዚያ ተለቅመው በፖስታ ይታሸጉ። ከተጠረገ በኋላ የሚቀራችሁ ወሬ ብቻ ነው።

አሁን ማሽኑን እዩ። ግራይንደሩ የ115 ሚሊሜትር ነው። ስባሪው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን 180 ሚሊሜትር ይላል። ትልቁ ዲስክ ከጋርዱ ሥር ስለማይገባ ጋርዱ ተፈቷል፤ ፈልጋችሁ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ታገኙታላችሁ። የማሽኑ ሰሌዳ በደቂቃ 11,000 ዙር ይላል። ዲስኩ ላይ የታተመው ከፍተኛ ፍጥነት 8,500 ነው። ያ ዲስክ የተሠራው ጠርዙ በሰከንድ እስከ 80 ሜትር እንዲሮጥ ነው። በትንሹ ማሽን ላይ ግን ከ100 ሜትር በላይ ይሮጣል። ልጁ የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ ይህን ሊያስተካክለው አይችልም።

ሪፖርቱ ውስጥ መግባት ያለበት ይኸው ነው፦

«ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ሠራተኛው በ115 ሚሊሜትር ግራይንደር ላሜራ ሲቆርጥ ዲስኩ ተሰብሮ ግራ ክንዱን ቆርጦታል። በማሽኑ ላይ የተገጠመው ዲስክ 180 ሚሊሜትር ነው። የማሽኑ ፍጥነት በደቂቃ 11,000 ዙር፣ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት 8,500 ዙር ነው። ጋርዱ ተፈትቶ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል።»

ሰዓቱን ስትጽፉ «ከጠዋቱ» የምትለዋን አትርሱ። የኢንሹራንስ ወረቀት የሚሞላ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ሲያነበው 4፡20 ብቻውን ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለ ቁስሉ ደግሞ የሐኪም ወረቀት ያለውን ብቻ ጻፉ። «ቀላል ጉዳት» አትበሉ። ጅማት መቆረጥ አለመቆረጡን እናንተ አታውቁም።

ምስክሮችን በዚያው ቀን፣ ለየብቻ አናግሩ። ምሳ አብረው ከበሉ በኋላ የሁሉም ታሪክ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ይቆለፋል። «እስኪ ጠዋት ከገባችሁ ጀምሮ ንገረኝ» በሉት። በእኛ ምሳሌ የሚወጣው ይህ ነው፦ የ115 ዲስክ ከስቶር አልቋል። ጥያቄ ቀርቧል፣ ግዢው አልደረሰም። ሥራው ደግሞ ዛሬ ማለቅ አለበት ተብሏል። ስቶር ኪፐሩ ያለውን ዲስክ ሰጠ፤ ለየትኛው ማሽን እንደሆነ የመጠየቅ ልማድ የለም። የስቶር ካርዱን አስወጡና ዲስኩ ያለቀበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለይታችሁ ጻፉ፦ «ካርዱ ያሳያል» ሌላ፣ «ስቶር ኪፐሩ ገልጿል» ሌላ።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የማያውቁት የሕግ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ፣ ሕጉ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጥረዋል። አሠሪው ከኃላፊነት ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ «መመሪያ በመጣስ» ብላችሁ ስትጽፉ የአንድ ሰው ካሳ ላይ እጃችሁን እያስገባችሁ ነው። መጀመሪያ ጠይቁ፦ መመሪያው በጽሑፍ አለ? ልጁ ደርሶታል? የፈረመበት ወረቀት የት ነው? ከሌለ «ስለ ዲስክ መጠን በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያ አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። ካለም አያይዙት። አለቃችሁ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ይጥቆር።

ከሪፖርቱ ቀጥሎ ለሠራተኛው የሚወጣው ማስታወሻ ነው። የተለመደውን ታውቁታላችሁ፦ «ሁሉም ሠራተኛ በሥራ ላይ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ በጥብቅ እናሳስባለን።» ሻይ ክበቡ በር ላይ ተለጥፎ ይከርማል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ዲስኩም ገና አልተገዛም።

ከዚህ የባሰም አለ። ማስታወሻው «ከማሽኑ ጋር የማይስማማ ዲስክ መጠቀም የተከለከለ ነው» ይልና ስቶር ውስጥ የሚስማማው ዲስክ አይኖርም። ያ ወረቀት አሁን ግልጽ መመሪያ ሆኗል። ቀጣዩ ልጅ ሲጎዳ የሚጠቀሰው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከመከልከላችሁ በፊት አማራጩ በእጃቸው መኖሩን አረጋግጡ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ለሁሉም የወርክሾፕ ሠራተኞች። ማክሰኞ ጠዋት በትንሽ ግራይንደር ላይ የተገጠመ ትልቅ ዲስክ ፈንድቶ አንድ ባልደረባችን ተጎድቷል። ትክክለኛው ዲስክ ከስቶር አልቆ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ፦ የ115 ዲስክ ተገዝቶ ስቶር ገብቷል፤ ከ20 ሲያንስ ስቶር ኪፐሩ በዚያው ቀን የግዢ ጥያቄ ያቀርባል። ዲስክ የሚሰጠው ማሽኑ ስቶር መስኮት ላይ ቀርቦ ቁጥሩ ከታየ በኋላ ነው። ጋርድ የሌለው ግራይንደር አይሠራበትም፤ ጋርዱ የጠፋበት ለጥገና ክፍል ያስረክብና ሌላ ይወስዳል። ትክክለኛው ዲስክ ከሌለ ሥራው ይቆማል፤ ፎርማኑ የማስረከቢያውን ቀን ያራዝማል። የፊት መከላከያ ገና አልተገዛም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይደርሳል።»

የተጎጂው ስም የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ማዋረድ ነው። በሪፖርቱ ለተጻፈው እያንዳንዱ ምክንያት አንድ እርምጃ አለ፣ ፈጻሚውም ታውቋል። ያልተሠራውም ያልተሠራ ተብሏል። «ሥራው ይቆማል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ ውጪ አታውጧት። ፎርማን ብቻውን ቀን ማራዘም አይችልም፤ ሠራተኛውም ይህን ያውቃል።

ማስታወሻውን ለጥፋችሁ አትሂዱ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቆማችሁ አንብቡት፣ ማንበብ የማይችል አለና። ከዚያ ማስፈረም ይቻላል።

ወር ሲሞላ ሳትናገሩ ግቡ። የመሣሪያ ሳጥኖቹን ክፈቱ። ጋርድ ካገኛችሁ አንድ ማሽን ራቁቱን እየሠራ ነው። የስቶር ካርዱን እዩ፤ ከ20 በታች ወርዶ ጥያቄ ያልቀረበበት ቀን አለ? ከሁሉ ትንሹን ረዳት «ትክክለኛው ዲስክ ባይኖር ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ፎርማኑን ቀና ብሎ አይቶ ከመለሰላችሁ ገና ነው። ያገኛችሁትን በሁለተኛ ማስታወሻ አውጡት፦ የተፈጸመው ይኸ፣ የፊት መከላከያው ዘግይቷል፣ አዲሱ ቀን ይኸ።