ስደተኛ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ወይስ ፍልሰተኛ?

«ጎረቤቴ የመናዊ ነው። ቅጽ እየሞላሁለት ሳለ "ስደተኛ" እና "ጥገኝነት ጠያቂ" የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አገኘሁ። ዜናው ሁሉንም ስደተኛ ይላል፤ የቱን ልምረጥ?»

እህቴ፣ ግራ ያጋባሽ የራሳችን ቋንቋ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለሥራ የሚሄደውንም፣ ከጦርነት የሸሸውንም «ስደተኛ» እንላለን፤ ጋዜጦቹም እንደዚሁ። በሕግ ግን ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድን ፈርቶ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። ይህ የ1951 የጄኔቫ ስምምነት ትርጉም ነው፤ የ1969 የአፍሪካ ስምምነት ደግሞ ከወረራና ጸጥታን ክፉኛ ከሚያደፈርስ ሁኔታ የሸሸውንም ይጨምራል።

ስለዚህ ስለ ጎረቤትሽ አንድ ነገር ጠይቂ፤ የጥገኝነት ማመልከቻው ውሳኔ አግኝቷል? አመልክቶ መልስ እየጠበቀ ከሆነ «ጥገኝነት ጠያቂ» የሚለውን ምረጪ። የእውቅና ወረቀት በእጁ ካለ «ስደተኛ» ነው። አንዳንድ ጊዜ መንግሥት ከአንድ አገር የመጡትን በጅምላ ይቀበላል፤ ያን ጊዜ የግል ውሳኔ መጠበቅ የለም፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይናገራል። ቅጹ ላይ ቀድሞ «ስደተኛ» ብሎ መሙላት ከያዘው ወረቀት ጋር ስለማይገጥም ጥያቄ ያስነሣበታል።

ይህ ማለት ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ስደተኛ አይደለም ማለት አይደለም። ውሳኔው ያለውን እውነት ያረጋግጣል እንጂ አይፈጥረውም። ለዚህም ነው ማመልከቻው እየታየ ሳለ ወደሸሸበት አደጋ መመለስ የማይገባው።

«ፍልሰተኛ» ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ አገር የሚለውጠው ሰው ነው፤ ወደ ሳዑዲ የሚሄደው የሠፈራችን ልጅ በአብዛኛው እዚህ ይገባል። እሱም ቢሆን መመለስ የሚያስፈራው እውነተኛ ስጋት ካለው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል።