«ይሁን» ተብሎ የታለፈ አጀንዳ፦ ስለ ቃለ ጉባኤ ጥያቄና መልስ

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከጀሞ፦ የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አምስት ገጽ ይወጣኛል። እገሌ አሉ፣ እገሊት መለሱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ማንም አያነበውም። ከአንዱ አጀንዳ ቆርጬ ልኬያለሁ፤ እንዴት ላሳጥረው?

«የብሎክ 4 ተወካይ የውሃ ሞተሩ ከቆመ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ገለጹ። ገንዘብ ያዥዋ ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጊዜ መጠገኑን አስታውሰው አዲስ ይገዛ አሉ። የብሎክ 2 ተወካይ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ሲሉ ጠየቁ። ገንዘብ ያዥዋ ባንክ 74 ሺህ ብር እንዳለ አስረዱ። የብሎክ 1 ተወካይ ከ60 ሺህ እንዳይበልጥ፣ ሦስት ፕሮፎርማም ይሰብሰብ አሉ። ሰብሳቢው እንግዲህ እንደዚያው ይሁን፣ ክትትል ይደረግበት ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ።»

መልስ፦ ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። ውሳኔ ካለ የሚገኘው አጀንዳው ሲዘጋ ነው። «ገለጹ፣ ጠየቁ፣ አስረዱ» የሚሉት ወሬ ናቸው፤ ለጊዜው ይለፏቸው። የሚቀረው የሰብሳቢው «እንደዚያው ይሁን» ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንደ የቱ? ግዢው ብቻ ነው ወይስ የ60 ሺህ ጣሪያውም አለበት? ጽሑፉ አይናገርም። እርስዎ ገምተው ከሞሉት ኮሚቴው ያልወሰነውን ወሰኑለት ማለት ነው። በማግስቱ ሰብሳቢው ጋ ይደውሉ። የተሰብሳቢው ሐሳብ ጣሪያውንም ይጨምር ነበር ካሉ እንዲህ ይጻፉት፤ ከመፈረሙ በፊት ግን አባላቱ አይተው ይስማሙበት፦

«ውሳኔ፦ የውሃ ሞተሩ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ስለቆመ ከማኅበሩ ተቀማጭ እስከ 60 ሺህ ብር ወጪ ሆኖ አዲስ ይገዛል።
ሥራ፦ ገንዘብ ያዥዋ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሰብስበው እስከ ጥቅምት 15 ለኮሚቴው ያቀርባሉ።»

«ክትትል ይደረግበት» የት ገባ? የትም። ማን እንደሚከታተል ካልታወቀ ሥራ አይደለም። ፕሮፎርማውንም ማን እንደሚሰበስብ፣ እስከ መቼ እንደሆነም ስብሰባው አልተናገረም። ሰብሳቢውን ሲያገኙ እሱንም ይጠይቁ፤ ስሙ የሚጻፈው ሰውም ቀድሞ ይወቅ። «ኮሚቴው ይፈጽማል» ብለው አይጻፉ። የሁሉም ሥራ የማንም አይደለም፣ ያውቁታል።

አንድ አንባቢ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? እኔ ውይይቱን ጠራርጌ አውጥቼ ውሳኔውን ብቻ አስቀራለሁ። በቃ።

መልስ፦ በግማሹ ልክ ነዎት። ነገር ግን «ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ስለቆመ» የምትለዋን ሐረግ ልብ ይበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ኮሚቴ ይመጣና «ለምን አላስጠገናችሁም?» ይላል። መልሱ እሷ ናት። ምክንያቱን በአንድ ሐረግ ያስቀሩ፣ ማን እንዳለው ግን አያስፈልግም። ውሳኔ ሳይሰጥበት የታለፈ ጉዳይም ካለ «ለቀጣይ ስብሰባ ተላልፏል» ተብሎ ይጻፍ። ዝም ብሎ ከጠፋ ማንም አያስታውሰውም።

የእድር ሰብሳቢ፦ እኛን ደግሞ አንድ ባንክ የፈራሚ ለውጥ ቃለ ጉባኤያችንን መለሰብን። ሦስት ገጽ ጽፈን፣ አርባ ሰው ፈርሞበት!

መልስ፦ የሦስት ገጹ ርዝመት ሳይሆን ባንኩ የሚፈልገው ነገር ውስጡ ተደብቆ ይሆናል። ማን ወረደ፣ ማን ተተካ፣ ሙሉ ስማቸው፣ ገንዘብ የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው ወይስ በተናጠል፣ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ። ይህ በአንድ አንቀጽ ራሱን ችሎ ይቁም። ሌላ የሚጠይቁት ወረቀት እንዳለ ቅርንጫፉን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይጠይቅም።

ተማሪ፦ ሰው ሲፈጥን እጄ አይደርስም። በስልክ ልቅዳው?

መልስ፦ የተጠየቀው ስለ ማሳጠር ነበር፣ ግን ይያያዛል። ሁሉን ለመጻፍ አትሩጥ። አጀንዳው ሊዘጋ ሲል እጅህን አውጣና «ምን ብዬ ልጻፍ?» በል። ያኔ ሰብሳቢው ራሱ ውሳኔውን ያጠራዋል። መቅዳት ከፈለግህ ተሰብሳቢውን አስፈቅድ። የሁለት ሰዓት ቅጂ መልሶ መስማትም ሌላ ጣጣ ነው።

የማኅበር ኦዲተር፦ የተቃወመ ሰው ስም ይጻፍ አይጻፍ? እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ።

መልስ፦ እኔ የምጽፈው ሰውየው «የልዩነት ሐሳቤ ይያዝልኝ» ሲል ብቻ ነው። ካልሆነ «በ5 ድጋፍና በ2 ተቃውሞ» ይበቃኛል። ጎረቤት ከጎረቤት ማጋጨት አልፈልግም።

የማኅበር ኦዲተር፦ ገንዘብ ሲጎድልስ? ያልተስማማው ሰው አብሮ ይጠየቃል እኮ።

መልስ፦ እሱ ያሳስበኛል። ገንዘብ በሚወጣበት ውሳኔ ላይ የእርስዎ ሐሳብ ያመዝን ይሆናል። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የሚለው ካለ ግን የሁለታችንም አስተያየት ከዚያ በታች ነው።