«ምራቴ ጋሪ ጠየቀችኝ»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቡሬ ነው። ሹፌር ነኝ፤ ከቡሬ ነቀምቴ እመላለሳለሁ። ባለቤቴን ያገኘኋትም ነቀምቴ ነው። ከተጋባን አምስት ወር ሆነን። እሷ አማርኛ አትችልም፤ እናቴ ደግሞ ኦሮምኛ አትሰማም። እኔ ቤት ስሆን አስተረጉማለሁ። ሳልኖር ተኮራርፈው ይውላሉ። እናቴ ‹ንቃኛለች፣ ነይ ብይ እያለች ታዘኛለች› ትላለች። ባለቤቴ ‹እናትህ አትወደኝም፣ ስናገር ፊቷን ታዞራለች› ትለኛለች። ሌላ ቤት ልከራይ ወይስ ልታገስ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከ«ነይ ብይ» ልጀምር። ባለቤትህ አማርኛ የምትማረው ከማን ነው? አንተ መንገድ ላይ ነህ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ያለው የእናትህ ድምፅ ነው። እናትህ ደግሞ «ነይ፣ ብይ፣ ተቀመጪ» ይሏታል። እሷም የሰማችውን መልሳ ትላለች። «አንቱ» የሚባል ነገር እንዳለ ማን ነግሯት? በራሷ ቋንቋ ትልቅ ሰው «ኢሲን» ተብሎ እንደሚከበር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እናትህ ንቀት ብለው የሰሙት ቃል ከራሳቸው አፍ የተለቀመ ነው።

ያልገባን ቃል ባዶውን አይቀመጥም። በምንፈራው ነገር እንሞላዋለን። አማት የምትፈራው መናቅን ነው፤ አገሯን ጥላ የመጣች ሙሽራ ደግሞ መጠላትን። እናም ሁለቱም የፈሩትን ይሰማሉ።

እኔ ራሴ የእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ወለጋ ሲያስተምር እናቴን አገባና እዚሁ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የእናቱ ቤት አመጣት። ከዚያ ሌላ ወረዳ ተመደበ። የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። አያቴና እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ያለ አስተርጓሚ ይከርማሉ። የሆነውን ከሁለቱም አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን አያቴ ሽሮ ሠራች። ለጋ ቅቤ ጣል አደረገችበትና ለምራቷ አቀረበች። እናቴ ቀመሰችና «ጋሪ ዳ» አለች። በኦሮምኛ «ጥሩ ነው» ማለቷ ነበር። አያቴ የሰማችው ግን ጋሪን ነው፤ በፈረስ የሚጎተተውን፣ ከገበያ ሰው የሚያመላልሰውን። «ገና በሦስት ቀኗ መሄጃ ጠየቀችኝ» ብላ ክው አለች። ምንም አልተናገረችም። ማታ ቅቤውን ጨመረችበት፤ ምናልባት ትቀመጥ ይሆናል ብላ። እናቴም ይበልጥ ጣማትና ደጋግማ «ጋሪ፣ ጋሪ» አለች።

አያቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ጠዋት የጎረቤት ልጅ ልካ ጋሪ አስጠራች። በግድ የሰው ልጅ አስቀምጣ መወቀስ አልፈለገችም። እናቴ በር ላይ ፈረሱን ስታይ የመሰላት ሌላ ነበር። «ተባረርኩ» ብላ ልብሷን ጠቀለለች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ እንባዋ ይወርዳል። ቀና ብላ ስታይ አያቴም ታለቅሳለች።

እዚህ ላይ ቆም በል። እናቴ የገባት ምንም ቃል የለም። ፊት ብቻ ነው ያየችው። የሚያባርር ሰው እንዲህ አያለቅስም አለች በልቧ። ጥቅልሏን ጋሪው ላይ ጥላ ወደ ቤት ሮጠች፤ የትናንቱን የሽሮ ድስት ይዛ ተመለሰች። በጣቷ ጠረግ አድርጋ ላሰችና «ጋሪ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። አያቴ ድስቱን አየች። ጋሪውን አየች። እንደገና ድስቱን አየች። ከዚያ እዚያው ደጅ ላይ አቅፋ ሳመቻት። ባለጋሪው የድካሙን ሽሮ በልቶ ተሸኘ። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ የጣፈጠ ወጥ «ጋሪ ነው» ይባላል።

ሁለተኛው አለመግባባት የመጣው ከወራት በኋላ ነው። አያቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ፈጃትና «እጄን! እጄን!» ብላ ጮኸች። በኦሮምኛ «ኢጃ» ዓይን ነው። እናቴ ጭሱ ዓይኗን ያቃጠላት መሰላት። ቀዝቃዛ ውኃ አምጥታ ፊቷን ያዘች፣ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች፣ እፍ አለችላት። እጇ እየተቃጠለ አያቴ ዝም ብላ ፊቷን ሰጠቻት። በኋላ ስትነግረኝ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ዓይኔን የጠረገልኝ ሰው አልነበረም፤ እጄ ትንሽ ይቆይ አልኩ» ነው ያለችው። ቁስሉን ያሳየቻት ከዚያ በኋላ ነው።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እናቶችና ገና አፍ ያልፈቱ ሕፃናት ፊት ለፊት ሲጫወቱ ለዓመታት አጥንቷል። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። እናትና ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይገጣጠሙም። እሷ ስትስቅ እሱ ዞር ይላል፤ እሱ ሲፈልጋት እሷ ትዘገያለች። ቅርበቱን የሚሠራው ከተላለፉ በኋላ ተመልሰው መገናኘታቸው ነው። አያቴና እናቴ ደጅ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አይክፋህና፣ ከመሐል የቆምከው አንተ ነህ። አንተ ስታስተረጉም ሁለቱም የሚያዩት አንተን ነው። ደግሞ አስተርጓሚ ባል ሁሌም ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል። አባቴ ቅዳሜ ሲመጣ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ እናቴ ረዘም አድርጋ ብሶቷን ስትነግረው ለአያቴ «ደህና ናት» ብሎ ይጨርሰዋል። አያቴ «ይህን ሁሉ አውርታ ደህና ናት ብቻ?» ብላ ትጠረጥራለች።

ስለዚህ ቤት አትከራይ፤ ቢያንስ አሁን። ቤት ስትሆን በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ማስተርጎም ተው። በዚያ ሰዓት ሁለቱ እጅ የሚያገናኝ ሥራ ይኑራቸው፤ ቡና ቢያፈሉ፣ በርበሬ ቢቀነጥሱ፣ ቅቤ ቢያነጥሩ። ባዶ እጅ ፊት ለፊት መቀመጥ ለእነሱ ፈተና ነው። ዕቃ መሐላቸው ካለ ግን ቃሉም ከዕቃው ጋር ይመጣል። ሲሳሳቱ ዘለህ አትግባ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታው ይከብድሃል። ቻለው።

መሻሻሉን በዓይናቸው ታውቀዋለህ። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አንተን መፈለግ ትታ ተናጋሪዋን ካየች፣ ያልገባትን ደግማ በእጇ ካሳየች፣ አብረው ከሳቁ መንገድ ይዘዋል። እናትህ ግን ጎረቤት ፊት አነጋገሯን እየቀዱ የሚያስቁባት ከሆነ ወይም ሆን ብለው ምግብ የሚነፍጓት ከሆነ ያ የቋንቋ ጉዳይ አይደለም። ያኔ እናትህን ለብቻቸው አነጋግር፤ ቤት የመከራየቱንም ነገር ያኔ አንሳው።

አንድ ነገር ግን ለምልክት አይተውም። ሕመም፣ እርግዝና፣ ገንዘብ ሲነሳ አንድም ቃል ሳትቆርጥ አስተርጉም። ጤና ጣቢያም አብረሃት ግባ።

ዛሬ ማታ ሁለቱን ቡና ላይ አስቀምጣቸው። ለእናትህ «ነይ ብይ»ን ከእርስዎ ነው የተማረችው በላቸው፤ በአገሯ ትልቅ ሰው «ኢሲን» እንደሚባልም ንገራቸው። ለባለቤትህ «ይምጡ፣ ይብሉ» የሚለውን አስይዛት። ከዚያ መኪናዬን ልየው ብለህ ውጣ።