ስብሰባ ላይ ሁሉም ይስማማል፣ ምሳ ላይ ግን ሌላ ወሬ ነው

ጀማሪ ሠራተኞች ለምን ዝም እንደሚሉ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። ከመጡልኝ ውስጥ ጥቂቶቹን እነሆ።

የሶፍትዌር ቡድን እመራለሁ። «ሐሳብ ያለው?» ስል ሁሉም ዝም ይላል። ምሳ ላይ ግን ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። ምን ላድርግ?

«ሐሳብ ያለው?» የምትለው የራስህን ከተናገርክ በኋላ ይመስለኛል። ያኔ ለጀማሪው የሚሰማው «አለቃህን ሰው ፊት የምትቃወም አለህ?» የሚል ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው።

አዲስ የክፍያ መተግበሪያ ከፋሲካ በፊት ልትለቁ ነው እንበል። ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድመህ ለሁሉም ይህን ላክ፦ «መተግበሪያው በፋሲካ ሳምንት ተበላሽቷል ብላችሁ አስቡ። ምን ይሆን ያበላሸው? ሁለት መስመር ጻፉ።» የውድቀቱን ሐሳብ አንተው ራስህ ስላመጣኸው፣ ምክንያት መፈለግ ተቃውሞ ሳይሆን የታዘዘ ሥራ ይሆናል። የሌላውን ሳያዩ ይጻፉ። ስብሰባው ላይ አዲሱ ሠራተኛ መጀመሪያ ያንብብ፣ አንተ መጨረሻ።

አንዷ «የሞከርነው በጥቂት ተጠቃሚ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ሁሉም በአንዴ ብር ይልካል» ብላ ጻፈች እንበል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «እሱንማ አስበንበታል» ካልካት ሌላውም የጻፈውን አለስልሶ ነው የሚያነበው። ይልቅ «ይህን ለማወቅ ምን መፈተሽ አለብን?» በላት። ምናልባት መጀመሪያ ለጥቂት ደንበኞች ብቻ ለመልቀቅ ትስማሙ ይሆናል። ሐሳቧን ካልተቀበልከውም ምክንያቱን እዚያው፣ ሁሉም እየሰማ ንገራት።

ልጄ፣ ይሄ የባህል ጉዳይ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ ያደገ ልጅ አለቃውን አይቃወምም። የፈረንጅ ነገር አታምጣብን።

ጋሼ፣ ግማሹ ልክ ነው፤ አስተዳደጋችን ይጫነናል። ግን በግልጽ ተናጋሪነታቸው የታወቁት ሆላንዶችም ዝም ብለው ያውቃሉ። መጋቢት 1977 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን ፈቃድ ሳያገኝ ለመነሳት መንደርደር ጀመረ። የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አውሮፕላን ገና ሜዳው ላይ ነበር። የኬኤልኤሙ የበረራ መሐንዲስ ጠርጥሮ «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ «ወጥቷል እንጂ» አለ። መሐንዲሱ አልደገመም። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ሰው ሞተ።

እኔን የሚገርመኝ ሰውየው ዝም አለማለቱ ነው። ተናግሯል፣ ግን በጥያቄ መልክ። የእርስዎም ልጆች «እሱ ነገር… ይደርሳል ግን?» ሲሉ ተቃውሞ ሊሆን ይችላል። መልስ ከመስጠትዎ በፊት «ምን አሳስቦህ ነው?» ብለው ቢጠይቁት ይወጣል።

ታዲያ የንግግር ሥልጠና ላስገባቸው?

ምሳ ላይ አፋቸው ይያዛል? ካልተያዘ ገንዘብሽን አታባክኚ።

እኛ የሐሳብ ሳጥን አድርገናል፤ ስም አይጻፍም። ከዚህ የተሻለ አለ?

ጉቦንና ትንኮሳን ለመሰለ ነገር ሳጥኑን አታንሱት። ለሥራ ክርክር ግን ያንሳል። «ዕቅዱ አይሆንም» የሚል ወረቀት ሲወጣ ማንን «ለምን?» ትላላችሁ? ትንሽ ቡድን ከሆነማ ሰው ሁሉ ጸሐፊውን መገመት ይጀምራል።

እኔ ጀማሪ ነኝ። አንዴ ተናገርኩ። አለቃዬ አልተቆጣም፣ ግን ከዚያ በኋላ ለስብሰባ መጠራቴ ቀረ። አሁንም ተናገሪ ልትለኝ ነው?

አልልሽም። የቀጣሽ እሱ ነው፣ ማስተካከልም ያለበት እሱ። አንድ የማውቀው ነገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰሎሞን አሽ ባደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አብዛኛው ያለውን የተሳሳተ መልስ አንዳንዴ ይደግም ነበር፤ ከጎኑ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ሲኖር ግን ይህ በጣም ቀነሰ። ስለዚህ የግድ መናገር ካለብሽ አስቀድመሽ ለአንድ የሥራ ባልደረባሽ ንገሪውና «እኔም ያሳስበኛል» እንዲል አድርጊ። ቂም ለሚይዝ አለቃ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። ለእሱ መድኃኒት የለኝም።

ጀማሪውን መጀመሪያ ማናገር እኮ ማስጨነቅ ነው። እኛ ጋ አንዷ እንባዋ መጣ።

ልክ ነሽ፣ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጻፈውን ሌላ ሰው ቢያነብላቸው ይሻላል። እስከ መቼ የሚለው ላይ ሰዎች አይስማሙም፤ እኔም ከቡድን ቡድን ይለያያል ከማለት ውጪ ቁርጥ ያለ ነገር የለኝም።

ለውጥ እንደመጣ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ነገሩ የባሰበት ይመስልሃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ ተብለው የተገመቱት ቡድኖች ብዙ የመድኃኒት ስህተት የተመዘገበባቸው ሆነው ተገኙ። የእሷ ማብራሪያ የበለጠ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስላልደበቁ ነው የሚል ነው። ስለዚህ የተቃውሞ ቁጥር ብቻ አትቁጠር። መጥፎ ዜና ቀነ ገደቡ ሲደርስ ነው ወይስ ቀደም ብሎ የሚደርስህ? ባለፉት ወራት በጀማሪ ቃል የተቀየረ ውሳኔስ አለ? አንድም ካጣህ፣ ልጆቹም ይህን ያውቁታል።