ቦኖው ላይ እንቅልፍ የወሰዳት ልጅ

«የምንኖረው ጎንደር ነው። የቤታችን ቧንቧ በሃያ ቀን አንዴ ቢመጣ ነው፤ እሱም ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ይሄዳል። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የ17 ዓመት ወንድ ልጄና የ14 ዓመት ሴት ልጄ። ቦኖ ላይ በሦስት ቀን አንዴ ይደርሰናል፤ የሚፈቀደው ስድስት ጀሪካን ነው። ወንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስላለበት የምትሰለፈው ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወጥታ ጀሪካን ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ወረፋው አለፈን። ስደርስ ባዶውን ጀሪካን አየሁና ሰው ፊት በጥፊ መታኋት። ከዚያ ወዲህ ‹እሺ› እና ‹አይ› ካልሆነ አታናግረኝም። ባለቤቴ ደግሞ ‹ቤቱን ያመስሽው አንቺ ነሽ› ይለኛል። በፊት እጄን አንስቼባት አላውቅም። ምን ነካኝ? ልጄንስ እንዴት ልመልሳት?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃውን እንቁጠረው። ጀሪካኑ ባለ 20 ሊትር ከሆነ ስድስቱ 120 ሊትር ነው። ለሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 40፣ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዳችሁ 8 ሊትር ይደርሳል። የእርዳታ ድርጅቶች ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚይዙት ትንሹ መለኪያ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ነው። አንቺ የዚያን ግማሽ ይዘሽ ነው ምግብ የምታበስይው፣ ልብስ የምታጥቢው፣ አማትሽን የምታስተናግጂው። ስለዚህ ቤቱን ያመስሽው አንቺ አይደለሽም።

ግን የሊትሩ ማነስ ብቻ ሰውን እንዲህ አያደርገውም። ከእናንተ ብዙም በማይርቀው ደቡብ ጎንደር በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. በሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። የሚጠቀሙት የውሃ መጠንና የምግብ እጥረቱ ተለይቶ ከታየ በኋላም፣ ከውሃ ጋር የተያያዘው ጭንቀትና ችግር የበረታባቸው ሴቶች የአእምሮ ጫናቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይመጣ ይሆን? ይደርሰኝ ይሆን? ጎረቤት ብጠይቅ ምን ይለኛል? ሰውን የሚበላው ይህ ነው። አንቺም ሌሊት ሌሊት ጆሮሽን ቧንቧው ላይ ጥለሽ ነው የምታድሪው ብዬ እገምታለሁ። እንዲህ ለወራት ያደረ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል።

ይህን የምልሽ ጥፊውን ላቀልልሽ አይደለም። ንዴትሽ በውሃው ላይ ነበር። በባልሽም፣ በተኛው ልጅሽም፣ ወረፋውን ባሳለፉት ሰዎችም ላይ ነበር። ያረፈው ግን ከሁሉም ትንሿ ላይ፣ ለዚያውም ስትለፋ ያደረችው ላይ ነው። ልጅሽን ያመማት ይህ ይመስለኛል፤ ከጉንጯ ይልቅ።

ሌላ ቤተሰብ ላጫውትሽ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬዋለሁ። እነሱም ከተማ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ቦኖ የምትወርደው እናትየዋ ከሴት ልጇ ጋር ነበር። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሁልጊዜ «ለአንድ ጀሪካን ውሃ ይህን ያህል ጭቅጭቅ!» ይላል። አንድ ሌሊት እናትየዋን ትኩሳት ያዛትና እሱ ልጁን ይዞ ወጣ። 9 ሰዓት ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ረጅም ሰልፍ አለ፤ ግማሹ ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ቤቱ ይተኛል። አባትየው የማንን ድንጋይ ማን እንደሚያውቅ ግራ ገባው። ልጁ ግን አንድ በአንድ ነገረችው፦ «ይቺ የእማማ ናት፤ ያቺ የባለ ሱቁ። ይሄኛው ትናንት አልነበረም፤ ካልተናገርን ነገ ሦስት ይሆናል።» ሰው መጥቶ ሲጋፋ የምትከራከረው እሷ ነበረች። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ተራቸው ሲደርስ አራተኛው ጀሪካን ግማሽ ላይ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ክዳኑን ገጥማ ሁለቱን ባዶ ጀሪካን በገመድ አሰረች። አባትየው እኔ ጋ ሲመጣ ደጋግሞ ያነሳው ያንን ገመድ ነው። «ለመደችው እኮ!» አለኝ።

የዚያ ቤት ጠብ በአንድ ሌሊት አልቆመም። ሆኖም «ይህን ያህል ጭቅጭቅ» የሚለው ነገር ቀረ፤ ምክንያቱም አሁን ልኩን ያውቃል።

እናንተም ቤት መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ወረፋው ነው። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊና የሚቀጥሉትን አራት ተራዎች ከነስማቸው ጻፊ። የሌሊቱ የባለቤትሽና የወንድ ልጅሽ ይሁን። ፈተና አለበት ትያለሽ፤ እሷም ትማራለች። በአሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ቢወጣ ፈተናውን አይጎዳውም። የሞላ ጀሪካን ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ምናልባት የልጅሽ ክብደት ግማሽ ነው። የ14 ዓመት ልጅ በጨለማ ብቻዋን ቦኖ ላይ መቀመጧም ደግ አይደለም። እሷ ቀን ላይ፣ በግማሽ የተሞላ ጀሪካን፣ ከሰው ጋር ትሂድ።

የቤቱን ቧንቧ በተመለከተ፣ ሁላችሁም አትጠብቁት። ተረኛው ቧንቧውን በትንሹ ከፍቶ ከሥሩ የብረት ባልዲ ያስቀምጥና እዚያው አጠገብ ይተኛ፤ ጠብታው ይቀሰቅሰዋል። ሌላው ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛ። አንቺ በተለይ በሳምንት አራት ሌሊት ሳትነሺ እደሪ። ሰነፍ ሆንኩ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሐኪም እንዳዘዘልሽ መድኃኒት ቁጠሪው።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። ይቅርታ ስትጠይቂያት «ግን» የሚል ቃል አይግባበት። «መትቼሻለሁ፣ ግን ወረፋው ስላለፈን» ካልሻት የሚሰማት ሁለተኛው ብቻ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ብለሽ ነው የወጣሽው። እንቅልፍ ወሰደሽ፤ ማንንም ይወስዳል። ሰው ፊት መታሁሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» በያት። የተዋረደችው በሰው ፊት ነውና ይህን አባቷና ወንድሟ ባሉበት ድገሚው። ቦኖው ላይ ግን እሷ ሳትፈልግ አታንሺው። ከዚያ መልስ አትጠብቂ። «ይቅር ብለሽኛል?» ብሎ መወትወት ሌላ ሸክም ነው። ምናልባት ሳምንት ዝም ትል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በተግባር ሲውል ታያለች፤ ከዚያ የምትለውን ትላለች። ስትናገር ደግሞ ልትቆጣሽ ትችላለች። ስሚያት፤ መቆጣቷ እያመነችሽ መሆኑ ነው።

ምግብ ከቀነሰች፣ መተኛት ካቃታት፣ ከጓደኞቿም ከራቀች፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው ወደ ባለሙያ ውሰጃት። ስለ መሞት አንድ ቃል ከተናገረች ግን ቀን አትቁጠሪ፤ ዕለቱኑ ውሰጃት። አንቺም እጅሽ ዳግም ሊነሳ ሲል ከተሰማሽ ጀሪካኑን እዚያው ተዪና ከቦኖው ራቂ። አንድ ወረፋ ቢያልፍ ጎረቤት አንድ ጀሪካን ያበድራል።

ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው። የሚቀጥለው ተራ የእሱ ነው በይውና 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሺው።